ቁጥሩ 54 ነበር፤ ልጆቹ ግን ሌሎች ነበሩ

ለወረዳችን ትምህርት ጽህፈት ቤት

ጉዳዩ፦ ተማሪዎችን ለጉብኝት ስንወስድ የምንሞላው ቅጽ እንዲሻሻል ስለመጠየቅ

እኔ ደሴ ከተማ የ6ኛ ክፍል መምህርት ነኝ። ሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ሲገባ እንደ ልማዱ የጉብኝት ጥያቄዎች ወደ ጠረጴዛችሁ ይመጣሉ፤ ግማሹ ወደ ሐይቅ፣ ግማሹ ወደ ውጫሌ፣ አቅም የሌለው ደግሞ እዚሁ ወደ ደሴ ሙዚየም ወይም ወደ አይጠየፍ። በእያንዳንዱ ጥያቄ ላይ የምንሞላው ቅጽ አራት ነገር ይጠይቃል፤ ወዴት፣ መቼ፣ ስንት ተማሪ፣ ኃላፊው መምህር ማን። ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት ስለ ሦስተኛዋ ጥያቄ ነው። «ስንት» ተብሎ ብቻ ሲጠየቅ ምን እንደሚደርስ ደርሶብኝ አይቼዋለሁ። ቢሮ ገብቼ ከምናገረው ወላጆችም መምህራንም እንዲያነቡት በግልጽ ማውጣቱን መርጫለሁ፤ ጥፋቱ የራሴ ስለሆነ የምደብቀውም የለኝ።

ቀኑ ኅዳር 6 ቀን 2012 ዓ.ም. ቅዳሜ ነበር። የ6ኛ «ሀ» እና የ6ኛ «ለ» ተማሪዎችን ይዘን ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ልንሄድ ነው። ሁለት ቅጥቅጥ ተከራይተናል። 54 ተማሪ፣ አራት መምህራን፣ ሁለት ከወላጅ ኮሚቴ የመጡ እናቶች። ቅዳሜን የመረጥነው አስበንበት ነው። ረቡዕና ዓርብ የክርስቲያኑ ልጅ ይጾማል፤ ዓርብ ደግሞ የሙስሊሙ ልጅ ጁምዓ አለበት። የገና ጾምም ገና አልገባም። ስለ ቀኑ የተጨነቅነውን ያህል ስለ ስም ዝርዝሩ ብንጨነቅ ኖሮ ይህ ደብዳቤ ባላስፈለገ።

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል በትምህርት ቤቱ በር ተሰበሰብን። የኅዳር የደሴ ብርድ ነው፤ ልጆቹ በየሹራባቸው ተጠቅልለው፣ ግማሾቹ ኮፍያቸውን እስከ ቅንድብ ስበው ይንቀጠቀጣሉ። የወላጅ ፈቃድ ወረቀቱን ከሦስት ቀን በፊት ሰብስቤ በክላሴር አስሬያለሁ፤ 54 ነው። ልጆቹ ከተቀመጡ በኋላ እያንዳንዱን መኪና ከፊት እስከ ኋላ ሄጄ በጣቴ ራስ ራሳቸውን እየነካሁ ቆጠርኩ። አንደኛው 27፣ ሁለተኛው 27። ወረቀቱ 54፣ ልጁ 54። ለሾፌሩ «ሂድ» አልኩት።

ያላወቅኩት ሁለት ነገር ነበር። አንዲት ተማሪዬ ሌሊቱን ትኩሳት ይዟት ከቤቷ አልወጣችም። በእሷ ወንበር ላይ ደግሞ የ6ኛ «ሐ» ተማሪ የሆነ ልጅ ተቀምጧል። ለጉዞው የተጠየቀውን 80 ብር እናቱ «አሁን የለኝም» ስላለችው «ማጠናከሪያ ትምህርት አለኝ» ብሎ ዩኒፎርሙን ለብሶ ወጥቶ፣ ከጓደኞቹ መሀል ሾልኮ ገብቷል። የ«ሀ» መምህር የ«ለ» ልጅ መሰለው፤ እኔ የ«ሀ» ልጅ መሰለኝ። አንዷ ቀርታ አንዱ ተተክቶ ቁጥሩ አልተዛነፈም።

ቁጥር የሚነግራችሁ ልጆቹ ስንት እንደሆኑ ብቻ ነው፤ እነማን እንደሆኑ አይነግራችሁም። የጎደለና የተረፈ ሲጣፉ ሂሳቡ ልክ ይመጣል። ይህን እንኳን እኔ ተማሪዎቼም ያውቁታል፤ ከ54 አንድ ቀንሰህ አንድ ብትደምር ስንት ይመጣል ብትሏቸው የሚሳሳት የለም።

ሐይቅ ስንደርስ ደግሞ ሁለተኛ ዕድል አግኝተን ነበር። ወደ ገዳሙ ሴት አትገባም። ስለዚህ ወንዶቹ ከወንድ መምህራን ጋር ሲገቡ እኔና ሁለቱ እናቶች ከሴቶቹ ጋር ውጭ ቀረን። ባልደረባዬ የሚገቡትን ቆጥሮ «27 ይዣለሁ» አለኝ። እኔም የቀሩትን ቆጠርኩ፣ 27። «54፣ ልክ ነው» ተባባልን። ክላሴሩ ውስጥ የነበሩት ፈቃዶች ግን የ26 ወንድና የ28 ሴት ነበሩ። ያን ሰዓት ወረቀቱን ገልጬ ወንዱንና ሴቱን ለየብቻ ባስተያየው ኖሮ ነገሩ እዚያው ይገለጥ ነበር። ክላሴሩ ግን በትከሻዬ ባንጠለጠልኩት ቦርሳ ውስጥ ነው፤ ድምሩ ልክ ሲመጣ ደግሞ ቦርሳ የሚከፍት ሰው የለም።

ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ከውሃው ዳር ምሳ ልንበላ ተቀመጥን። ሐይቅ ከደሴ ዝቅ ያለ አገር ነው፤ ጠዋት የተንቀጠቀጡት ልጆች ሹራባቸውን ወገባቸው ላይ አስረዋል። ወደ ውሃው እንዳይገቡ ከልክለናል። ሐይቁ ከዳር ጥቂት እልፍ ሲባል ድንገት የሚጠልቅ ነው፤ ዋና የሚችል የደሴ ልጅ ደግሞ ፈልጋችሁ አታገኙም። ሦስት ልጆች ግን ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን ሊነክሩ ሄዱ። አንዱ የተሰበረ ጠርሙስ ረግጦ ጮኸ። ተረከዙ ላይ የጣት ስፋት ያህል ተከፍቷል፤ ደሙ አሸዋው ላይ ይንጠባጠባል።

የመጀመሪያ እርዳታ ሳጥን ነበረን። ጓንት፣ ጎዝ፣ ፋሻ፣ ፕላስተር፣ መቀስ፣ ሳሙና፣ ለምለም የምንለው የኦ አር ኤስ ዱቄት፣ ሁሉም ተሟልቶ ነበር። ሳጥኑ ያለው ግን በአንደኛው መኪና ከወንበር ሥር ነው፤ መኪናውን ደግሞ ሾፌሩ ይዞት ምሳውን ሊበላ ወደ ከተማ ወጥቷል። ነጠላዬን አጣጥፌ ቁስሉ ላይ ጫንኩት። አንዲት በአጠገባችን የነበሩ እናት በደግነት «ልጄ፣ ቡና ነስንሺበት፣ ቶሎ ያቆመዋል» ብለው የተወቀጠ ቡና አመጡልኝ። ምስጋናዬን አቅርቤ ተውኩት። ቡናው ቁስሉ ውስጥ ይገባል፣ ያቆሽሸዋል፤ ጤና ጣቢያ ሲደረስ ደግሞ ባለሙያው መጀመሪያ የሚያደርገው እሱን እያሳመመ ጠርጎ ማውጣት ነው። የሚፈስ ደምን የሚያቆመው ጫና ነው። ንጹህ ጨርቅ ወይም ጎዝ ይደረግና በመዳፍ አጥብቆ ይያዛል፤ እግሩ ከፍ ይደረጋል፤ ለ10 ደቂቃ አይነሳም። «ቆመ ወይ?» እያሉ በየደቂቃው ገለጥ ማድረግ መርጋት የጀመረውን መልሶ ይከፍተዋል። ጨርቁን ደሙ ዘልቆ ካራሰው ሌላ ከላዩ ይደረባል እንጂ የመጀመሪያው አይላቀቅም። ጠልቆ የተሰካ ስባሪ ካለ ደግሞ ባለበት ይተዋል፤ ጫናውም በላዩ ሳይሆን በግራና በቀኙ ይሆናል፤ እሱን የሚነቅለው ሐኪም ነው። በእኛ ልጅ እግር ላይ የተሰካ ነገር አልነበረም። ደሙ ጋብ ሲል ከጀሪካን ውሃ እያፈሰስን በሳሙና አጠብነው፤ ዓይናችን ሥር ሐይቅ ሙሉ ውሃ ቢኖርም የሐይቅ ውሃ ለቁስል አይሆንም።

ከዚያ በኋላ ነው ትልቁ ነገር የመጣው። ወደ ጤና ተቋም ከመውሰዳችን በፊት ለወላጁ ልደውል ክላሴሩን ከፈትኩ። «ስምህ ማን ነበር?» አልኩት። ዝም አለ። ከአጠገቡ ያለው ጓደኛው መሬት መሬቱን እያየ «ቲቸር፣ እሱ የሐ ክፍል ነው» አለኝ።

ይህ ልጅ ከእኛ ካልሆነ ከ54ቱ የእኛ ልጆች 53 ብቻ ናቸው እዚህ ያሉት ማለት ነው። ሐይቅ ዳር ተቀምጠን አንድ ልጅ ጎድሎናል።

በዚያች ደቂቃ ውስጤ የሆነውን መጻፍ አልችልበትም፤ የተደረገውን ብቻ ልናገር። ልጆቹን አስቀምጠን ስም መጥራት ጀመርን። በቀኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ስም የተጠራው ያኔ ነው፣ ከሰባት ሰዓት በኋላ። 53ቱ «አቤት» አሉ፤ አንዲት ልጅ ጠፋች። ማን እንዳያት ጠየቅን። አንዷ «ጠዋት አይቻታለሁ፣ ከኋላ ተቀምጣ ነበር» አለች። ሌላዋም «አዎ፣ ቀይ ሹራብ ለብሳለች» ብላ አጸናችላት። ሁለቱም አልዋሹም፤ ትናንት ክፍል ውስጥ ያዩትን ከዛሬ ቀላቅለውት ነው። የተደናገጠ የ12 ዓመት ልጅ የሚሰጠውን ምስክርነት ከዚያ ቀን ወዲህ እጠነቀቀዋለሁ። እኛ ግን አመንን፤ ጠዋት መኪናው ላይ ከነበረች አሁን ያለችው ወይ መንገድ ላይ ወይ ውሃ ውስጥ ነው።

ባልደረባዬ ወደ ገዳሙ መንገድ ሮጠ። እናቶቹ ዳር ዳሩን ቄጠማውን እየገለጡ ሄዱ። ጀልባ ያላቸው የሰፈሩ ወጣቶች ሳንለምናቸው ውሃው ላይ ወጡ፤ አንዱ መቅዘፊያውን እያነሳ «አብሽሪ እህቴ፣ ውሃ ገብታ ቢሆን ከዚህ የተቀመጠ ሰው ባያት ነበር» አለኝ። እኔ ክላሴሩ ላይ ያለውን የልጅቷን የወላጅ ስልክ ደወልኩ። ጠራ፣ አንዲት ሴት አነሳች። የልጅቷ እናት ናት። የምትናገረው ግን ከሪያድ ነው።

የወሎ መምህር ይህን ያውቀዋል። ከክፍላችን ስንቱ ልጅ እናቱ ዓረብ አገር ሆና ከአያት፣ ከአክስት፣ ከታላቅ እህት ጋር ይኖራል። ቅጹ «የወላጅ ስልክ» ስለሚል ልጅቷ የእናቷን ስልክ ጻፈች፤ ፊርማው ግን የአያቷ የጣት አሻራ ነበር። እኔ ሁለቱን አላስተያየሁም። አሁን እናት በሰው አገር ሆና «ልጄ ምን ሆነች?» ትለኛለች፤ እኔ ደግሞ የምመልስላት የለኝም። «የእማማን ስልክ ንገሪኝ» አልኳት። ስልክ የላቸውም። የጎረቤት ስልክ ሰጠችኝ፤ አይነሳም። በመጨረሻ የትምህርት ቤታችን ጥበቃ ትዝ አለኝ። ቤቱን ያውቀዋል፤ ከበር አካባቢ አንድ ልጅ ልኮ አስጠየቀልኝ። ልጅቷ ጋቢ ተከናንባ ተኝታ ነበር፤ አያቷ የጤና አዳም ሻይ እያጠጧት።

ከ«የሐ ክፍል ነው» እስከዚያ ስልክ ድረስ 40 ደቂቃ አልፏል። የተቆረጠው ልጅ እነዚያን 40 ደቂቃዎች ከሞላ ጎደል ከአንዲት እናት ጋር ዛፍ ሥር ነጠላዬን እግሩ ላይ ይዞ ተቀመጠ። ኋላ ጤና ተቋም ወስደነው ሦስት ቦታ ተሰፋ። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ወስዶ እንደሆነ ሲጠይቁን የምንመልሰው አልነበረንም፤ እናቱን ያገኘናት አሁንም በጥበቃው በኩል ነው። እሷ በዚያ ሰዓት ልጇ ክፍል ቁጭ ብሎ ሂሳብ እየሠራ መስሏታል።

የተከበራችሁ የጽህፈት ቤቱ ኃላፊዎች፣ ከዚያ ወዲህ ከትምህርት ቤታችን ጋር ብዙ ጉብኝት ወጥቻለሁ። አሁን የምሠራበትን መንገድ ልንገራችሁና ቅጹ ውስጥ ይገባ እንደሆነ እዩልኝ።

መጀመሪያ ዝርዝሩ የሚወጣው በየክፍሉ ሳይሆን በየመኪናው ነው። ፈቃዱን ያልመለሰ ልጅ ስሙ ዝርዝሩ ውስጥ አይገባም፤ ስሙ ዝርዝሩ ውስጥ የሌለ መኪናው ላይ አይወጣም። ዝርዝሩ በሦስት ቅጂ ይዘጋጃል፤ አንዱ እኔ ጋ፣ አንዱ ሁለተኛው መኪና ያለው መምህር ጋ፣ ሦስተኛው ትምህርት ቤት ጥበቃው ጋ ይቀራል። የፈቃድ ወረቀቶቹም በዝርዝሩ ተራ ይታሰራሉ፤ 31ኛው ስም የማን እንደሆነ ሲፈለግ 31ኛው ወረቀት ተገልጦ ስልኩ ይገኛል።

ጠዋት ልጆቹ ገብተው ከተቀመጡ በኋላ አይቆጠሩም። በመኪናው በር ላይ ስማቸው እየተጠራ አንድ በአንድ ይወጣሉ፤ የሚጠራውም ፊታቸውን የሚያውቅ የክፍላቸው መምህር ነው። ሌላ ሰው ሲጠራ ልጆች ለጓደኛቸው «አቤት» ይላሉ፤ ክፍል ውስጥ በየቀኑ የሚያደርጉት ነው። ተጠርቶ ያልመጣ ልጅ በሦስቱም ቅጂ ላይ ይሰረዛል። ከዚያ ሞተር ሳይነሳ ወደ ቤቱ ይደወላል፤ ቀርቷል ወይስ ከቤት ወጥቶ መንገድ ላይ ነው? ሁለተኛው ከሆነ የጉብኝቱ ጉዳይ ቆሞ ልጁ ይፈለጋል። ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ የቀረው ቁጥር የዕለቱ ቁጥር ይባላል፤ ወንዱ ስንት፣ ሴቷ ስንት፣ በየትኛው መኪና ስንት ተብሎ በዝርዝሩ ራስ ላይ በትልቁ ይጻፋል። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ 54 የሚባል ነገር የለም። ቢሮው የፈቀደው 54 ቢሆንም ዛሬ የወጡት 51 ከሆኑ ቁጥሩ 51 ነው።

54 ስም በየቦታው መጥራት ግን አይቻልም። ሰዓት ይዤ አይቻለሁ፤ ሜዳ ላይ በነፋስ መሀል አምስት ደቂቃ ይፈጃል፤ ሦስተኛው ላይ መምህሩም ይሰለቻል፣ የሰለቸ መምህር ደግሞ ወደ ራስ መቁጠር ይመለሳል። ስለዚህ ልጆቹን ለስድስት አዋቂ ዘጠኝ ዘጠኝ አድርገን እናከፋፍላቸዋለን። ዘጠኝ ልጅ በፊት ይታወቃል። አዋቂው የዘጠኙን ስም ክርታስ ላይ ጽፎ በኪሱ ይይዛል። ስጠይቀው «ተሟልተዋል» ብሎ እንዲመልስልኝ አልፈልግም፤ ማን እንደጎደለ በስም ይነግረኛል፣ ካልጎደለም ዘጠኙን አይቶ «ማንም» ይለኛል። ለስድስቱም ከአንድ ደቂቃ ብዙ አይበልጥም። ይህን የምናደርገው ከመኪና ስንወርድ፣ ቡድኑ ለሁለት ሲከፈልና መልሶ ሲገናኝ፣ ከምግብ ስንነሳና ልንመለስ ስንል ነው። መከፈል ስል እንደ ገዳሙ በር ያለውን ብቻ አይደለም፤ መጸዳጃ ቤት መሄድም መከፈል ነው። ስንመለስ ደግሞ ልጅ ከጓደኛው ጋር ሊቀመጥ መኪና መቀየር ያምረዋል። ያ በፍጹም አይፈቀድም፤ ከፈቀድን «አንተ ጋ ይሆናል» «የለም አንቺ ጋ ነው» ስንባባል ልጁ መንገድ ዳር ይቀራል። ለረዳቶቹም ነግረናል፤ ከሁለቱም መኪና ዝርዝሩ ተፈርሞ ካልመጣ ሞተር አይነሳም። መጀመሪያ ያጉረመርማሉ፤ ምክንያቱን ስነግራቸው ግን ይገባቸዋል።

የፈቃድ ወረቀቱ ላይ ደግሞ ሦስት መስመር ጨምረናል። አንዱ «ዛሬ ልጁ አብሮት የሚኖረው ሰው ስልክ፣ እዚሁ አገር ያለ» የሚል ነው፤ ሁለተኛ ስልክም ይጠየቃል፣ የጎረቤትም ቢሆን። ስልኮቹን ከጉዞው በፊት ባለው ማታ እደውልባቸዋለሁ። በዚያው ስልክ ፊርማው የእውነት መሆኑም ይጣራል፤ የአባቱን ፊርማ አስመስሎ የማይፈርም የ6ኛ ክፍል ልጅ ጥቂት ነው። ማንበብ ለማይችሉ አሳዳጊዎች ወረቀቱን አንብቤላቸው በጣት አሻራ ያረጋግጣሉ፤ በስንት ሰዓት እንደምንሄድና እንደምንመለስ፣ ውሃ አጠገብ እንደምንውል ሳይደበቅ ይነገራቸዋል። ሁለተኛው መስመር ጤናን የሚመለከት ነው፤ አስም፣ የሚጥል በሽታ፣ የማይስማማው ምግብ፣ የሚወስደው መድኃኒት፣ ክትባት። ወላጅ ልጁን እንዳያስቀሩበት ሲል የሚጥል በሽታን ይደብቃል፤ ስለዚህ ወረቀቱ ላይ «ይህን መጻፍ ልጁን ከጉዞ አያስቀረውም» የሚል አለበት። ሦስተኛው «ስንመለስ ማን ይቀበለዋል» የሚል ነው።

ስለ ሳጥኑ የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሳጥን ሁለት ይሁን፣ ሁለቱም ከመኪናው ወርደው ከሰው ጋር ይሂዱ። የዕቃው ዝርዝር በየፋርማሲው አለ፤ ያጣነው ዕቃ አልነበረም፣ ከመኪናው ጋር ሄዶብን ነው። የልጁ የራሱ መድኃኒት ለምሳሌ የአስም ኢንሄለር ከሆነ ደግሞ ከልጁ ኪስ አይወጣም። ክኒን ግን፣ የራስ ምታት ማስታገሻም ቢሆን፣ ወላጅ ካልፈቀደ አንሰጥም። ለመንገዱ ጥምዝምዝ ፌስታል በየወንበሩ ኪስ ይቀመጣል፤ የሚያስመልሳቸው ልጆች ከፊት ይቀመጣሉ፤ ጠዋት ጨርሶ ባዶ ሆድ ወይም ጥግብ ብሎ መምጣት ሁለቱም ያብሳል።

ውሃ በሰው አንድ ሊትር ተኩል እይዛለሁ። በዚያ ቀን ከሾፌርና ከረዳት ጋር 64 ሰው ነበርን፤ 96 ሊትር፣ አምስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ማለት ነው። ከጀሪካኑ ላይ ቁስል ማጠቢያው ሲቀነስ ከሰዓት በኋላ ውሃ አጠረን። አሁን ስድስተኛ ጀሪካን ለእጅና ለቁስል ተብሎ ለብቻው ይመጣል። ጀሪካኑ ከዚህ በፊት ጋዝ ወይም ዘይት የተያዘበት መሆን የለበትም፤ ተከፍቶ ይሸተታል። እያንዳንዱ ልጅም ስሙ የተጻፈበት ሃይላንድ ይይዛል፤ በአንድ ጣሳ 54 አፍ እንዳይጠጣ። ከደሴ ስንነሳ ስለሚበርዳቸው አይጠጡም፤ አራት ሰዓት ላይ ሐይቅ ፀሐይዋ ከረር ስትል «ቲቸር፣ ራሴን አመመኝ» ይጀመራል። ስለዚህ ስንወርድ ቆመን ሁሉም እንዲጠጣ እናደርጋለን፤ ካልጠየቁን ብለን አንጠብቅም።

ስለ ምግቡ አጭር ነው። ሥጋ አይያዝም። እኛ አገር ልጆች አንድ ቤት ጎን ለጎን አድገው፣ ለቅሶና ሠርግ አብረው ውለው፣ ሥጋ ላይ ሲደርሱ ግን ማዕዱ ይለያል፤ ጉብኝት ላይ ማዕድ የሚለይበት ምክንያት የለም። ዳቦ፣ ቅቅል ድንች፣ ሙዝ፣ ቆሎ። ፍርፍር ከጠዋት እስከ ሰባት ሰዓት ሙቀት ውስጥ ሲቆይ ይኮመጥጣል። ቆሎም ቁጭ ብለው ነው የሚበሉት፤ በሚሄድ መኪና ላይ እየሳቁ ቆሎ መቃም ማነቅ አለው።

የምጠይቃችሁ እንግዲህ ሁለት ነገር ነው። ቅጹ «ስንት ተማሪ» በሚለው ፈንታ በየመኪናው የተለየ የስም ዝርዝር እንዲያያዝበት ይጠይቅ። ከሥሩም ጠዋት በበሩ ላይ የሚሞላ አንድ መስመር ይኑረው፤ የወጡ ወንድ፣ የወጡ ሴት፣ የቀሩ በስም፣ ለቀሩት የተደወለበት ሰዓት። ጽህፈት ቤቱ ብር እንዲያወጣ አልጠየቅኩም፤ ወረቀቱ ያው አንድ ገጽ ነው።

ያ የ«ሐ» ክፍል ልጅ እግሩ ድኖ በሚቀጥለው ዓመት ከእኛ ጋር ወደ ውጫሌ ሄዷል። 80 ብሩን የወላጅ ኮሚቴው ከፈለለት። ስሙ በዝርዝሩ 12ኛ ላይ ነበር፤ ስጠራው ከሩቅ እየሮጠ መጣ።

ከአክብሮት ጋር
የ6ኛ ክፍል መምህርት፣ ደሴ

ግልባጭ፦
ለወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት
ለቅጥቅጥ ሾፌሮችና ረዳቶች
ለትምህርት ቤታችን ጥበቃ፣ ከምስጋና ጋር